ገቢ የሆነው ሁሉ ገቢ አይደለም

በአማርኛ «ገቢ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ወደ ባንክ ሒሳብ የተከተተ ማንኛውም ገንዘብ «ገቢ ተደረገ» ይባላል፣ ሰው ሠርቶ ወይም ነግዶ ያገኘውና ግብር የሚከፈልበት ገንዘብም እንዲሁ «ገቢ» ይባላል። በአሜሪካ የሚኖር ባለሱቅ፣ ባለታክሲ ወይም ባለምግብ ቤት በግብር መርማሪ የግል ባንክ ሒሳቡን መግለጫ፣ ማለትም በተለምዶ ስቴትመንት የሚባለውን ወርኃዊ ዝርዝር፣ እንዲያቀርብ በተጠየቀ ጊዜ የሚነሣው ክርክር ከሞላ ጎደል በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል የሚካሄድ ነው። መግለጫው ገንዘቡ መቼና ስንት ሆኖ እንደገባ ይናገራል እንጂ ስለምን እንደገባ አይናገርም፤ ስለዚህ ዝምታውን ማን ቀድሞ እንደሚሞላው፣ ባለሒሳቡ ወይስ መርማሪው፣ የምርመራውን ውጤት በብዙ መልኩ ይወስነዋል።

ጥያቄው ብዙ ግብር ከፋዮችን እንደ ስድብ ይሰማቸዋል፤ የንግዱ ሒሳብ ለብቻው ተከፍቶ፣ በመዝገብ ተይዞ ሳለ የቤት ወጪና የቤተሰብ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሒሳብ ለምን ይፈለጋል ይላሉ። ምክንያቱ ግን መርማሪው ስለ ግለሰቡ ካደረበት ጥርጣሬ በፊት ከሥራው ሥርዓት የሚመነጭ ነው። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ አይ አር ኤስ፣ ለመርማሪዎቹ ባወጣው የውስጥ መመሪያ መሠረት ንግዱን በግል ስሙ የሚያካሂድና ትርፍና ኪሳራውን ስኬጁል ሲ በተባለው ሰንጠረዥ የሚያስታውቅ ሰው በሚመረመርበት ጊዜ፣ የተመዘገበው ሽያጭ ሙሉ መሆኑን ለመፈተን የንግዱም የግሉም የባንክ ሒሳቦች መታየት አለባቸው፤ ምክንያቱም በሕግ ዓይን በእንዲህ ያለ ንግድና በባለቤቱ መካከል ግድግዳ የለም፣ ደንበኛ በዜል የላከው ገንዘብም በየትኛው ሒሳብ እንደሚያርፍ የሚወስነው የስልክ ቁጥሩ ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ብቻ ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፎርም 4564 በተባለው የሰነድ መጠየቂያ ላይ ሲሆን፣ የሚመረመረው ዓመት 2022 ከሆነ ከታኅሣሥ 2021 እስከ ጥር 2023 ያሉትን ወሮች እንዲያካትት መጠየቁም የተለመደ ነው፤ ሁለቱ ተጨማሪ ወሮች የሚፈለጉት በዓመቱ መጨረሻ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ በአዲሱ ዓመት ወደ ሌላው የገባ ገንዘብ ተቆርጦ እንዳይቀር ስለሆነ፣ እነሱን መከልከል የሚያስገኘው ጥቅም እምብዛም ነው።

ይሁን እንጂ መርማሪው የፈለገውን ሁሉ እንደፈለገ ማድረግ አይችልም። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ማሻሻያ፣ ያልተገለጸ ገቢ ሊኖር እንደሚችል የሚያመለክት ምክንያታዊ ፍንጭ ሳይኖር መሥሪያ ቤቱ የሰውን ኑሮ በመመዘን፣ ይኸውም ስንት ቢያወጣ፣ ምን ቢገዛ፣ የት ቢኖር ብሎ በማስላት፣ የተደበቀ ገቢ መኖሩን እንዳይፈልግ ከልክሏል። ይህ ድንጋጌ በብዙ ሰው ዘንድ «የግል ስቴትመንቴን መጠየቅ ክልክል ነው» ተብሎ ይተረጎማል፤ ትርጉሙ ግን ትክክል አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በሁለት ነገሮች መካከል ልዩነት ያደርጋል። አንደኛው የባንክ ሒሳብ ትንተና የሚባለው ሲሆን፣ በሒሳቦቹ የገባውን ገንዘብ ደምሮ ከተገለጸው ሽያጭ ጋር ማነጻጸር ብቻ ስለሆነ በማንኛውም የንግድ ምርመራ ላይ እንደ መነሻ ፈተና ይደረጋል። ሁለተኛው የባንክ ተቀማጭና የጥሬ ገንዘብ ወጪ ዘዴ የሚባለው ሲሆን፣ እዚህ ላይ መርማሪው የግብር ከፋዩን መዝገብ ወደ ጎን ትቶ፣ ባንክ የገባውን ሁሉ ወስዶ፣ ባንክ ሳይገባ በጥሬው የወጣውን ጨምሮ፣ ገቢ አለመሆኑ የተረጋገጠውን ቀንሶ የዓመቱን ሽያጭ ራሱ እንደ አዲስ ይገነባል። ፍንጭ የሚጠይቀው ይህኛው ነው። ስለዚህ መግለጫውን መስጠት ተገቢ ነው አይደለም ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ፍሬ ያለው ጥያቄ፣ ከመጀመሪያው ትንተና ወደ ሁለተኛው ዘዴ የሚያሻግር ያልተብራራ ልዩነት በመግለጫው ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

አልሰጥም ማለትስ ይቻላል? የመጀመሪያው መጠየቂያ ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ ስላልሆነ እንቢ ማለት በራሱ አያስቀጣም፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ መጥሪያ የማውጣት ሥልጣን አለው፣ መጥሪያውንም ለግብር ከፋዩ ብቻ ሳይሆን በቀጥታ ለባንኩ ሊልከው ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1964 በፓውል ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መጥሪያው እንዲጸና የሚፈለጉት አራት ነገሮች መሆናቸውን ወስኗል፤ ምርመራው ሕጋዊ ዓላማ ያለው መሆኑ፣ የተፈለገው ሰነድ ለዚያ ዓላማ ሊጠቅም የሚችል መሆኑ፣ ሰነዱ አስቀድሞ በመሥሪያ ቤቱ እጅ አለመኖሩና ሕጉ ያዘዘው ሥርዓት መጠበቁ ናቸው፣ እነዚህን ማሟላት ለመርማሪ እምብዛም አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በሚለር ጉዳይ ባንክ የያዘው መዝገብ የባንኩ እንጂ የደንበኛው የግል ወረቀት እንዳልሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ የፍተሻ ድንጋጌ ጥበቃም እንደማይደረግለት ወስኗል። መጥሪያ ለባንክ ሲላክ ማስታወቂያው ለባለሒሳቡም ይደርሰዋል፣ ማስታወቂያው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ባሉት 20 ቀናት ውስጥም መጥሪያው እንዲሰረዝ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ሆኖም ይህ ክርክር ለጠበቃ የሚከፈለውን ያህል ዋጋ የሚያወጣው ጥያቄው በእውነት ከልክ ያለፈ እንደሆነ ብቻ ነው። ግትር እንቢታ ብዙ ጊዜ የሚያስከትለው መርማሪው መግለጫውን ከባንኩ አግኝቶ፣ ማብራሪያ የሚሰጠው ሰው በሌለበት፣ ብቻውን እንዲደምረው ነው። ከዚህ የባሰ አደማመር ደግሞ የለም።

ይህን በአንድ ለምሳሌ በተቀመጠ ጉዳይ ላይ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እንጀራና ቅመማ ቅመም የምትሸጥ፣ ያላገባችና ሌላ ሥራ የሌላት አንዲት ባለሱቅ በ2022 የ148,000 ዶላር ሽያጭ አስታውቃለች እንበል። በንግድ ሒሳቧ በዓመቱ የገባው 139,600 ዶላር ሲሆን፣ በግል ሒሳቧ የገባው 61,400 ዶላር ነው። መርማሪው ሁለቱን ደምሮ 201,000 ዶላር ያገኛል፤ ከተገለጸው ሽያጭ ጋር ሲያነጻጽረው 53,000 ዶላር ትርፍ ሆኖ ይታያል። ይህ ቁጥር ሳይብራራ ከቀረ በላዩ የሚታሰበው በግል ሥራ ለሚተዳደሩ ሰዎች የሚከፈለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ብቻ 7,500 ዶላር ገደማ ይደርሳል፣ መደበኛው የገቢ ግብርና 20 በመቶ የስሕተት ቅጣትም ይከተሉታል። ሌላም አደጋ አለበት፤ በተለመደው አሠራር መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ ግብር መወሰን የሚችለው የዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ከቀረበ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ሲሆን፣ የተዘለለው ገቢ ከተገለጸው ጠቅላላ ገቢ ከ25 በመቶ በላይ ከሆነ ግን ጊዜው ወደ ስድስት ዓመት ይረዝማል። የ148,000 ሩብ 37,000 ነውና 53,000 ይህን ድንበር ተሻግሯል።

የግል ሒሳቡ መግለጫ መስመር በመስመር ሲነበብ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ከ61,400 ዶላሩ ውስጥ 24,000 ባለሱቋ ለቤት ወጪ ከንግድ ሒሳቧ ወደ ግል ሒሳቧ ያዛወረችው ነው፤ አንድ ጊዜ በንግዱ በኩል የተቆጠረ ገንዘብ እንደገና ተቆጥሯል ማለት ነው። 8,400 ዶላሩ ደንበኞች በስልኳ በዜል የላኩት ሲሆን በመዝገቧ ላይ እንደ ሽያጭ ተይዟል፤ በእርግጥም 139,600 እና 8,400 ሲደመሩ የተገለጸውን 148,000 ይሰጣሉ። 2,100 ያለፈው ዓመት የግብር ተመላሽ ነው፣ 3,500 ወንድሟ የተበደረውን የመለሰበት ነው፣ 20,000 ደግሞ የዕቁብ ዕጣ ነው። እነዚህ ሁሉ ሲቀነሱ 3,400 ዶላር ይቀራል፤ ባለሱቋ ወደ ኋላ ተመልሳ ስታስብ ለአንድ ሠርግ ያዘጋጀችው እንጀራና ወጥ በቼክ የተከፈለበት፣ ቼኩንም በግል ሒሳቧ አስገብታ ከመዝገብ የረሳችው መሆኑ ታወቃት። 53,000 የነበረው ልዩነት 3,400 ሆነ፣ የስድስት ዓመቱ በርም ተዘጋ።

ከእነዚህ ሁሉ መርማሪን የሚያስቆመው ዕቁቡ ነው፣ በሐበሻው ማኅበረሰብ ውስጥም ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው እሱ ስለሆነ ሰፋ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። ሃያ ሰዎች በየወሩ 1,000 ዶላር እያዋጡ፣ በየወሩ ለአንዱ 20,000 ዶላር በዕጣ የሚሰጡበት ዕቁብ ከጥር 2022 እስከ ነሐሴ 2023 ይሄዳል እንበል፤ ባለሱቋ ዕጣ የወጣላት በመስከረም 2022 ነው። በዚያን ጊዜ ዘጠኝ ወር ከፍላ 9,000 ዶላር አዋጥታለች፣ የቀረውን 11,000 በሚቀጥሉት አሥራ አንድ ወራት ትከፍላለች። በግብር ቋንቋ ሲነገር የተቀበለችው 20,000 ዶላር 9,000ው የራሷ ቁጠባ ተመልሶላት፣ 11,000ው ደግሞ ከዕቁብተኞቹ የተበደረችው ስለሆነ፣ ወለድም ስለሌለበት፣ አንዱም ክፍል ገቢ አይደለም። መርማሪው ግን ዕቁብ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፣ ቢያውቅም በቃል ብቻ የተነገረውን አይቀበልም፤ በአንድ ቀን የገባ 20,000 ዶላር ለእሱ በመጀመሪያ እይታ ሽያጭ ነው። ባለዕቁቧ ልታቀርበው የሚገባው የዕቁቡ ዳኛ የፈረመበት የአባላትና የዕጣ ተራ ዝርዝር፣ ዕጣው የተከፈለበት ቀን፣ ከሁሉም በላይ ግን መዋጮው ከየትኛው ሒሳብ በየወሩ እንደወጣ የሚያሳየው መስመር ነው። ዳኛው ስማቸው ለመንግሥት እንዳይደርስ የሚሰጉ አባላት እንዳሉት ቢገልጽ፣ ዝርዝሩ በስማቸው የመጀመሪያ ክፍልና በተራ ቁጥር ተዘጋጅቶ መጀመሪያ እንዲቀርብና መርማሪው ካልረካ ብቻ ተጨማሪ እንዲጠየቅ ማድረግ ምክንያታዊ አካሄድ ነው።

እዚህ ላይ ዕቁብተኞች አዘውትረው የማያስተውሉት ወጥመድ አለ። መርማሪው ዕጣው ገቢ እንዳልሆነ ከተቀበለ በኋላ የሚጠይቀው ሁለተኛ ጥያቄ «በየወሩ የተዋጣው 1,000 ዶላርስ ከየት መጣ?» የሚለው ነው። የባለሱቋ መዋጮ ከግል ሒሳቧ በዜል ለዳኛው የተላከ ስለሆነ፣ በዓመቱ 12 ጊዜ የወጣ 12,000 ዶላር በመግለጫው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጥያቄውም እዚያው ያበቃል። መዋጮው በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ፣ ከባንክም ያልወጣ ቢሆን ኖሮ ግን ገንዘቡ ከሱቁ መሳቢያ ባንክ ሳይገባ የተነሣ ሽያጭ ነው የሚለው ግምት ይነሣል፤ በባንክ ተቀማጭና በጥሬ ገንዘብ ወጪ ዘዴ ደግሞ ባንክ ሳይገባ በጥሬው የወጣ ገንዘብ በተቀማጩ ላይ ይደመራል። እንግዲህ 20,000 ዶላሩን ያዳነው የዕቁብ ማስረጃ 12,000 ዶላር ያልተገለጸ ሽያጭ ራሱ ሊያጋልጥ ይችላል። ዕጣውን ባንክ እንዳይጠይቀኝ ብሎ 9,500፣ 9,000 እያደረጉ ማስገባትም ከግብሩ የከፋ ጣጣ አለው፤ ባንኮች ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ለመንግሥት ሪፖርት እንዲያደርጉ ይገደዳሉ፣ ያንን ሪፖርት ለማምለጥ ገንዘብን መከፋፈል ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው። ሪፖርቱ ግን ለብቻው ማንንም አያስከስስም።

ታዲያ ለመርማሪ ምን መስጠት ተገቢ ነው? የንግድ ገንዘብ የነካቸው ሒሳቦች ሁሉ፣ በተጠየቀው ዓመት፣ ሁሉም ገጾች ሳይጎድሉ። አንዳንዶች የቤት ወጪያቸው እንዳይታይ መስመሮችን በጥቁር ቀለም ይሸፍናሉ ወይም የገቢ ገጾችን ብቻ ይልካሉ፤ ይህ ክብርን የመጠበቅ ፍላጎት የሚገባ ቢሆንም፣ ከ8 ገጽ ውስጥ ሁለቱ የጎደሉበት መግለጫ ከሙሉው ይልቅ ጥርጣሬን ይጋብዛል፣ መዋጮውንና ዝውውሩን የሚያስረዱት መስመሮችም ያሉት በወጪው በኩል ነው። ከመግለጫው ጋር ደግሞ እያንዳንዱ ገንዘብ የገባበትን ቀን፣ መጠኑን፣ ከማን እንደመጣና ሽያጭ መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ማያያዝ የሥራው ሁሉ ዋና ክፍል ነው፤ ልዩነቱን መርማሪው ከማየቱ በፊት አይቶ ያስረዳ ሰው ውይይቱን በራሱ ቁጥር ያስጀምራል። የእያንዳንዱ ቼክ ቅጂና የእያንዳንዱ ገንዘብ ማስገቢያ ደረሰኝ ከመጀመሪያው ባይቀርብ ችግር የለውም፤ ትልልቆቹንና መርማሪው ለይቶ የጠየቃቸውን ማቅረብ ይበቃል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ግን በጽሑፍ ሊጠበብ ይገባል። የኢንተርኔት ባንክ መግቢያ ስምና የምስጢር ቃል በምንም ሁኔታ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ያልተመረመሩ ሌሎች ዓመታት ቢጠየቁ፣ ዓመቱ ለምርመራ መከፈቱን የሚገልጽ ደብዳቤ እስኪመጣ መጠበቅ ተገቢ ነው። ባልና ሚስት ግብራቸውን በአንድ ላይ ካስታወቁ ሁለቱም ግብር ከፋዮች ስለሆኑ የሁለቱም ሒሳብ ጥያቄ ውስጥ ይገባል፤ ለየብቻ ካስታወቁ ግን የንግዱ ገንዘብ ያልነካው የሌላኛው ሒሳብ ከጉዳዩ ውጭ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፣ የአዋቂ ልጅ ወይም የእናት ሒሳብም እንዲሁ። የዕድር ወይም የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ላይ ፈራሚ የሆነ ሰው ፈራሚነቱን መደበቅ የለበትም፤ ሒሳቡ ግን የማኅበሩ ስለሆነ ከመግለጫው ይልቅ የፊርማ ካርዱንና የማኅበሩን ደብዳቤ ማቅረብ በቂ ሊሆን ይገባል። «ሒሳቦችህን ሁሉ ዘርዝር» የሚለው ጥያቄ አዲስ አበባ ያለውንም የሚጨምር መሆኑ አይዘንጋ፤ በውጭ አገር ያሉ ሒሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው የሚቀርብ ሪፖርት አለው፣ ይህን ያላቀረበ ሰውም መርማሪ ፊት ከመቀመጡ በፊት ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል። ዝም ማለት ወይም ጊዜ መጠየቅ ይፈቀዳል፤ ለመርማሪ የውሸት መልስ መስጠት ግን ወንጀል ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት እንጂ ተንኮል በሌለበት ነው። መርማሪው ጽኑ የማጭበርበር ምልክት ካየ የፍትሐ ብሔሩን ምርመራ አቁሞ ጉዳዩን ወደ ወንጀል መርማሪዎች ማስተላለፍ አለበት፣ ይህንንም ለግብር ከፋዩ አይነግረውም፤ ጥያቄዎቹ ከ«ምንድን ነው?» ወደ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ሲዞሩ፣ ወይም ሲደውል የነበረው መርማሪ ለሳምንታት በድንገት ሲጠፋ፣ ባለሙያዎች ነገሩ እንደተለወጠ ይጠረጥራሉ። ሁለተኛ የሽያጭ መዝገብ እንዳለው የሚያውቅ ሰው መግለጫውን ከመስጠቱ በፊት መሄድ ያለበት ወደ ሒሳብ ሠራተኛው ሳይሆን ወደ ጠበቃ ነው፤ ለሒሳብ ሠራተኛ የተነገረ ምስጢር በወንጀል ጉዳይ ጥበቃ የለውምና።

ባለሱቋ መግለጫዎቿን ከሠንጠረዡና ከዕቁቡ ወረቀት ጋር ስታቀርብ፣ የሠርጉን 3,400 ዶላር ራሷ ቀድማ ብታስታውቀው ይሻላል፤ መርማሪው ያገኘው ስሕተትና ባለቤቱ የጠቆመው ስሕተት በቅጣት አወሳሰን ላይ እኩል አይታዩም። በዚያ ላይ የሚታሰበው የራስ ሥራ ግብር 480 ዶላር ገደማ ነው፣ የገቢ ግብሩ ይጨመርበታል። መርማሪው ዕቁቡን አልቀበልም ካለ ደግሞ ሪፖርቱን ከ30 ቀን የይግባኝ ደብዳቤ ጋር ይልካል፤ እዚያም ካልተስማሙ የሚመጣው የ90 ቀን ማስታወቂያ ግብሩ ሳይከፈል ወደ ግብር ፍርድ ቤት ለመሄድ የሚያስችል ነው። በዚያ ፍርድ ቤት ለዓመታት በጸናው አቋም ባንክ የገባ ገንዘብ በመጀመሪያ እይታ የገቢ ማስረጃ ሆኖ ስለሚወሰድ፣ ከዕቁቡ ዳኛ ዝርዝር ቀጥሎ የፍርድ ቤቱ ዳኛ የሚያየው ያንኑ የግል ሒሳብ መግለጫ፣ በየወሩ የወጣውን 1,000 ዶላር መስመር ነው።